ተመልሶ የመጣው እንግሊዝኛ ምን ይነግረናል?

በአገራችን የጤናና የማኅበራዊ ሳይንስ መመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ፣ የጥናት ዘዴ ከሚለው ምዕራፍ ብዙ ጊዜ የማይጠፋ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። መጠይቁ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ወደ አማርኛ ተተረጎመ፣ ወጥነቱን ለማረጋገጥም በሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ ይላል። ፈታኞች ይህን አንብበው ያልፋሉ። ተመልሶ የመጣው እንግሊዝኛ ምን ይመስል እንደነበር፣ ከመጀመሪያው ጋር ማን እንዳስተያየው፣ ልዩነት ሲገኝ የተለወጠው የትኛው ቃል እንደሆነ ግን አይጻፍም። መልሶ መተርጎም ምን ያህል ስህተት እንደሚይዝና ምን ያህሉን እንደሚያሳልፍ የሚታወቀው ደግሞ በእነዚህ ዝርዝሮች ነው። ለዚህ አንድ መጠይቅ ወስዶ ጥያቄ በጥያቄ ማየት ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ1987 ጆን ኮክስ፣ ጄኒፈር ሆልደንና ሩት ሳጎቭስኪ ከወሊድ በኋላ ድብርት ያደረባቸውን እናቶች ለመለየት የሚያገለግል አጭር መጠይቅ አሳተሙ። በስኮትላንድ ስለተሠራ የኤዲንበርግ መጠይቅ ይባላል። አሥር ዓረፍተ ነገሮች አሉት። እናትየዋ እያንዳንዱን አንብባ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት የተሰማትን ከአራት መልሶች በአንዱ ታመለክታለች። መልሶቹ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይይዛሉ፤ ድምሩ ከ30 ነው። መጠይቁ በብዙ አገሮች ቋንቋ ተተርጉሟል፤ በእኛም አገር በአዲስ አበባና በቡታጅራ ገጠር ተፈትኗል። ከዚህ በታች የማቀርባቸው የአማርኛ አማራጮች ችግሩን ለማሳየት ራሴ ያዘጋጀኋቸው እንጂ በእነዚያ ጥናቶች ላይ የዋሉት ቃላት አይደሉም።

ሥራው በወጉ ሲሠራ እንዲህ ይሄዳል። አማርኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ መጠይቁን ወደ አማርኛ ይተረጉማሉ። ሁለቱ ትርጉሞች ተቀምጠው ይነጻጸሩና አንድ ይሆናሉ። ይህን አንዱን ረቂቅ ዋናውን እንግሊዝኛ አይቶ የማያውቅ ሦስተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ከዚያ ዋናውና ተመልሶ የመጣው ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ጉዳዩን የሚያውቁ ሰዎች ልዩነቱን ይመረምራሉ። ሦስተኛው ሰው ዋናውን እንዳያይ የሚደረገው፣ ካየው አማርኛው ያላለውን ከትዝታው እየሞላ ስለሚመልስ ነው። መጠይቁ እንደ ኤዲንበርግ በሙያው የታወቀ ሲሆን ይህን ሰው ማግኘት ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። የሥነ አእምሮ ባለሙያ ከሆነ ዋናውን በልቡ ሊያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ ከሙያው ውጭ የሆነ ሰው ይመረጣል።

ይህ ዘዴ የማይስታቸው ስህተቶች አሉ፤ ለዚህም ዘዴውን አለማድነቅ ተገቢ አይሆንም። ተርጓሚው «ባለፉት ሰባት ቀናት» የሚለውን «ባለፈው ሳምንት» ብሎት ከሆነ ተመልሶ የሚመጣው እንግሊዝኛ ወዲያው ያጋልጠዋል። ዛሬ ሐሙስ ከሆነ «ባለፈው ሳምንት» ለአንዷ ከሰኞ በፊት ያለውን ሳምንት፣ ለሌላዋ ካለፈው ሐሙስ ወዲህ ያለውን ጊዜ ሊሆን ይችላል። አንድ አሉታ ተዘልሎ፣ አንድ የመልስ አማራጭ ወድቆ፣ «አንዳንድ ጊዜ» የሚለው «ብዙ ጊዜ» ሆኖ ከተገኘም እንደዚሁ። በመጠይቅ ሥራ እነዚህ ጥቃቅን አይደሉም፤ የአንዲቷን እናት ድምር በሁለት በሦስት ነጥብ ያዛንፋሉ።

ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ሁሉ በቦታው ሆኖ ትርጉሙ ሲጠፋ ነው። የኤዲንበርግ ስድስተኛ ዓረፍተ ነገር ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። እንግሊዝኛው ቃል በቃል ሲወሰድ «ነገሮች በላዬ ላይ እየወጡብኝ ነው» ይላል። ለእንግሊዛዊቷ እናት ይህ የዘወትር አነጋገር ነው፤ ኑሮው ከአቅሜ በላይ ሆነ፣ መያዝ መጨበጥ አቃተኝ ማለቷ ነው። ሁለት ተርጓሚዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ቃሉን ተከትሎ «ነገሮች በላዬ ላይ እየወጡብኝ ነው» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛው ሐሳቡን ተከትሎ «ነገሮች ሁሉ ከአቅሜ በላይ ሆነውብኛል» አለ። አሁን ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ ይመለሱ። የመጀመሪያው ዋናውን ቃል በቃል ይዞ ይመጣል። የሁለተኛው እንግሊዝኛ ስለ አቅም የሚናገር፣ ከዋናው ጋር አንድም የጋራ ሐረግ የሌለው ይሆናል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያመሳክር ሰው የመጀመሪያውን «ትክክል» ብሎ ያልፈዋል፣ ሁለተኛውን ያሰምርበታል። መስፈሪያው እናትየዋ የማይገባትን ትርጉም ሸልሞ የሚገባትን ቀጣ ማለት ነው።

ይህ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም አደጋ አይደለም፤ ከዘዴው ባሕርይ የሚመነጭ ነው። መልሶ መተርጎምን በምርምር ካስፋፉት ዋናው ሪቻርድ ብሪስሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት በጓም ዩኒቨርሲቲ የነበሩ፣ አሥር ቋንቋዎችን የሚወክሉ 94 ባለ ሁለት ቋንቋ ሰዎች ጽሑፎችን እንዲተረጉሙና እንዲመልሱ አድርጎ ነበር። ዘዴው የሚያታልልበትን መንገድም ያሳየው እሱ ራሱ ነው። ሁለቱ ተርጓሚዎች አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ያህል፣ የማይመጣጠኑ ቃላትን የሚያቻችሉበት የጋራ ልማድ ሊኖራቸው ይችላል። መላሹ የተበላሸውን ጽሑፍ በብልሃት አቃንቶ ሊያነበው ይችላል። የመጀመሪያው ተርጓሚ ደግሞ የምንጩን ቋንቋ አወቃቀር እንዳለ ካስቀረው፣ መላሹ ያንኑ መንገድ ተከትሎ በቀላሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። በእኛ ሁኔታ ሦስቱም በአንድ ላይ ይገኛሉ። ተርጓሚውም መላሹም በእንግሊዝኛ የተማሩ፣ ንግግራቸው ውስጥ የእንግሊዝኛ አገባብ የገባ የከተማ ሰዎች ናቸው። «የነገሮችን አስቂኝ ጎን ማየት» የሚል አማርኛ ለእነሱ አይጎረብጥም።

ይህኛው ሐረግ ከመጀመሪያው ጥያቄ የተወሰደ ነው። እንግሊዝኛው እናትየዋ መሳቅና የነገሮችን አስቂኝ ጎን ማየት ችላ እንደሆነ ይጠይቃል። የሚፈለገው እናትየዋ ቀልድ ማወቋን ሳይሆን፣ ደስታ ከውስጧ መጥፋት አለመጥፋቱን ማወቅ ነው። በአማርኛ ይህን የምንለው «እንደ ወትሮሽ ስቀሽ መጫወት ችለሻል?» ብለን ነው። መላሹ ግን «መጫወት» የሚለውን እንደ ልጆች ጨዋታ አድርጎ በእንግሊዝኛ ሊጽፈው ይችላል። ውጭ አገር ያለ ተባባሪ ተመራማሪ ይህን ሲያይ፣ የወለደች ሴት ምን ትጫወታለች ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አማርኛው ግን ስህተት የለበትም። ወግ፣ ጨዋታና ሳቅ አብረው የሚሄዱበት ቋንቋ ነው። ስለዚህ ከተመለሰው እንግሊዝኛ ጋር አጭር ማብራሪያ መምጣት አለበት፤ ቃሉ በቋንቋው ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ የሚናገር። ይህ ማብራሪያ ሲቀር፣ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው አማርኛ ተሰርዞ እንግሊዝኛ የሚሸት ይተካል። መጠይቁም በወረቀት ላይ የተሻሻለ እየመሰለ ከሰዎቹ ይርቃል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አሥረኛው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ የሚገኝ መልስ በዚያው ቀን እርምጃ ይጠይቃል። ዋናው ራሴን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብኛል ይላል። «ራሴን የመጉዳት ሐሳብ» ብለን ብንተረጉመው ሲመለስ ከዋናው ጋር ልክ ይገጥማል፤ ማንም ቀይ አያሰምርበትም። በአማርኛ ግን «ተጎዳሽ» የምንለው የከሳችውን ሴት ነው። «ራሷን ጎዳች» ስንል ሳትበላ፣ ሳታርፍ፣ ለቤቷና ለልጆቿ ስትል አካሏን የጨረሰችውን ማለታችን ነው። ስለዚህ የአራስ ቤት ሴት «ራስሽን የመጉዳት ነገር ነበር?» ስትባል፣ እህል አልበላ ስላላትና ሕፃኑ ሌት ተቀን ስለሚጠባት ራሷን መጉዳቷን ልትናገር ትችላለች። ይህ በመጠይቁ ላይ ሕይወቷን ለማጥፋት እንዳሰበች ተደርጎ ይመዘገባል። በሌላ በኩል ያሰበችው ደግሞ ጥያቄው ስለ መክሳት እየመሰላት «የለም» ልትል ትችላለች። ሁለቱ ስህተቶች በድምሩ ላይ እየተቻቻሉ አማካዩን ያማረ ሊያስመስሉት ይችላሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ግን አይቻቻሉም።

የሚሻለው «በገዛ እጅሽ በራስሽ ላይ ጉዳት የማድረስ ወይም ሕይወትሽን የማጥፋት ሐሳብ» እንደሚል ያለ ነው። ሲመለስ ከዋናው ይረዝማል፣ ዋናው ያላለውንም ሞትን በግልጽ ያነሳል። ይህ መስፋት የታወቀ፣ የተመከረበትና የተጻፈ ውሳኔ መሆን አለበት። እዚህ ላይ «ምነው በሞትኩ ብለሽ ታውቂያለሽ?» የሚል ለጆሮ የሚቀል አማራጭ ሊቀርብ ይችላል። እኔ አልቀበለውም። «ምነው በሞትኩ» ምሬት ሲብስ ከአፍ የሚወጣ የዘወትር ቃል ነው። ሞትን መመኘትና በራስ ላይ እጅ ማንሳት በሕክምናው የተለያየ ደረጃ አላቸው፤ የመጀመሪያውን ጠይቆ ሁለተኛውን ለካሁ ማለት አይቻልም። ለጆሮ የጣፈጠ አማርኛ ሁሉ ተመጣጣኝ አይደለም።

አራተኛውና አምስተኛው ጥያቄ ሌላ ዓይነት ችግር ያሳያሉ፤ ይህ ከቃል ምርጫ ያለፈ ነው። ሁለቱም «ያለ በቂ ምክንያት» መጨነቅንና መፍራትን ይጠይቃሉ። አማርኛው ቀላል ነው፣ ሲመለስም ያለ እንከን ይመለሳል፣ የሚሰሙትም ሴቶች ይረዱታል። አሁን ከዚህ በፊት ልጅ የሞተባትን፣ ባሏ ለሥራ ርቆ የሄደባትን፣ ለመጪው ወር እህል የሌላትን ሴት እናስብ። ሌሊት ሕፃኑ መተንፈሱን እየዳሰሰች ታድራለች። ያለ በቂ ምክንያት ተጨንቀሻል ስትባል «የለም» ትላለች፤ ምክንያትማ ሞልቷታል። ጭንቀቷ ከባድ ሆኖ ሳለ ዜሮ ታገኛለች። ጥያቄው የተሠራው፣ እናት ጤናማ ስትሆን የሚያሰጋት ነገር እምብዛም አይኖርም በሚል ያልተነገረ ግምት ላይ ነው፤ ያ ግምት ደግሞ ከቃላቱ ጋር አይተረጎምም። «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለውን ብንሰርዘው ችግርን ሁሉ እንደ ሕመም እንቆጥራለን። ብንተወው የተጨነቀችውን እናጣለን። መካከለኛው መንገድ «ከሚገባው በላይ» ወደሚል መጠጋት ነው። ይህ ግን ትርጉም ሳይሆን ማሻሻያ ስለሆነ የመጠይቁን ባለቤቶች ፈቃድ ይጠይቃል፣ በውጤቱ ላይም መገለጽ አለበት።

ከዚህ ሌላ፣ ተመልሶ በሚመጣው እንግሊዝኛ ውስጥ ፈጽሞ ሊታይ የማይችል ነገር አለ፤ እሱም አክብሮት ነው። «ችለሻል»ም «ችለዋል»ም ወደ እንግሊዝኛ ሲሄዱ አንድ ናቸው። ወጣቷ መረጃ ሰብሳቢ በዕድሜ የምትበልጣትን ሴት «አንቺ» እያለች ስለ ልቅሶዋና ስለ ፍርሃቷ ብትጠይቃት፣ ሴትዮዋ ልቧን ዘግታ አጭር አጭሩን ልትመልስ ትችላለች፤ በወረቀቱ ላይ ግን ምንም ጉድለት አይገኝም። ዋናው መጠይቅ ደግሞ እናትየዋ ራሷ አንብባ እንድትሞላው የተጻፈ ስለሆነ በ«እኔ» ነው። ማንበብ ለማትችል እናት ጮክ ተብሎ ሲነበብ «ስቄ መጫወት ችያለሁ» የሚለው የጠያቂዋ የራሷ ወሬ ይመስላል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ወደ ሁለተኛ መደብና ወደ ጥያቄ ይለወጣል፣ ከዚያ ሁለቱም የአክብሮት መልክ ተጽፎ ለጠያቂዋ ይሰጣታል። መልሶቹም ይቸግራሉ። በስድስተኛው ጥያቄ ከአራቱ አንዱ «አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም መቋቋም አልቻልኩም» የሚል ነው። «አዎ» እና «አልቻልኩም» አንድ ላይ ሲነበብላት ሰሚዋ የቱን ትያዝ? ለዓይን የተጻፈ አራት ረጅም መልስ ለጆሮ አይሆንም። መጀመሪያ ነገሩ ነበረ ወይስ አልነበረም ተብሎ፣ ነበረ ካለች መጠኑ ቢጠየቅ ይቀላል፤ ነጥብ አሰጣጡ ግን እንዳለ መጠበቅ አለበት።

እነዚህ ሁሉ የሚገኙት በሌላ ሥራ ነው፤ የአረዳድ ቃለ መጠይቅ ልበለው። በቅርቡ የወለዱ፣ እንደ ጥናቱ ሴቶች ያሉ፣ ለምሳሌ ሕፃን ለማስከተብ ወደ ጤና ጣቢያ የመጡ አሥር ያህል እናቶች ፈቃዳቸው ይጠየቃል። ጥያቄው ይነበብላቸዋል፣ ይመልሳሉ፣ ከዚያ ስለ መልሳቸው ይጠየቃሉ። «ገባሽ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ሁሉም «አዎ» ይላሉ። የሚጠቅመው «ይህን የጠየቅኩሽን ለጎረቤትሽ ብትነግሪያት እንዴት ትያታለሽ?»፣ «የለም ስትዪ ምን አስበሽ ነው?»፣ «ራስሽን መጉዳት ስልሽ ምን መጣብሽ?» የሚል ነው። መልሳቸው በራሳቸው ቃል እንዳለ ይጻፋል። ከእነዚህ እናቶች ውስጥ ሁለቱ ስለ መክሳት ከተናገሩ አሥረኛው ጥያቄ አልፏል ማለት አይቻልም፤ ይስተካከላል፣ በአዲስ ሴቶችም እንደገና ይፈተናል። በስምንተኛው ጥያቄ «ሐዘን» የሚለውን ቃል ሰምታ «ሐዘን የለብኝም፣ የሞተብኝ ሰው የለም» የምትል እናት ብትገኝም እንደዚሁ ነው። ይህን ከየትኛውም ተመልሶ ከመጣ እንግሊዝኛ ማንበብ አይቻልም።

በአውሮፓ የብዙ አገሮችን አስተያየት የሚያጠናው የአውሮፓ ማኅበራዊ ጥናት መልሶ መተርጎምን ዋና ማረጋገጫው አያደርግም። ሁለት ትርጉሞችን በቡድን ተቀምጦ መመርመርን፣ መወሰንን፣ መሞከርንና እያንዳንዱን ውሳኔ መመዝገብን ይመርጣል። እኔ መልሶ መተርጎም ይቅር አልልም። አማርኛ የማያውቅ ተመራማሪ ወይም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰነዱን የሚያይበት መስኮት እሱ ብቻ ነው፤ የተዘለሉና የተዛቡ ነገሮችንም ይይዛል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚበቃው ለሁለተኛ መላሽ ወይም ለአሥር እናቶች ብቻ ከሆነ፣ እናቶቹ ይቅደሙ።

ይህ ሁሉ አልፎም የሚቀር አንድ ነገር አለ። በብሪታንያ በተለምዶ 13 እና ከዚያ በላይ ያመጣች እናት ድብርት ሊኖርባት ይችላል ተብላ ለምርመራ ትላካለች። ቃላቱ በአማርኛ ተመጣጣኝ ሆኑ ማለት ይህ ቁጥር አብሮ ይሠራል ማለት አይደለም። ስለ ራስ ስሜት መናገር በማይለመድበት፣ መልሱ ለእንግዳ ሰው ጮክ ብሎ በሚነገርበት ቦታ ድምሩ በአጠቃላይ ዝቅ ሊል ይችላል። ቁጥሩ የሚገኘው፣ እናቶቹን የሥነ አእምሮ ባለሙያ ድምራቸውን ሳያውቅ ለየብቻ መርምሮ፣ የእሱ ውሳኔ ከመጠይቁ ጋር ሲመዘን ነው። እንዲህ ሲሠራ በአዲስ አበባ መጠይቁ ተቀባይነት ያለው ውጤት ቢሰጥም የተገኘው መለያ ቁጥር ከብሪታንያው በእጅጉ ዝቅ ያለ ነበር። በቡታጅራ ገጠር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት፣ የታመሙትን ካልታመሙት በመለየት ኤዲንበርግ ደካማ ሆኖ ተገኘ። የተሻለ የሠራው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ 20 አጫጭር «አዎ» ወይም «የለም» የሚመለስባቸው ጥያቄዎች ያሉት ሌላ መጠይቅ ነበር። ከጥያቄዎቹ የተወሰኑት ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ድካም ናቸው። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ ለተርጓሚ የሚቀርበው ትክክለኛ ጥያቄ ይህን መጠይቅ እንዴት ልተርጉመው ሳይሆን፣ ለእነዚህ ሴቶች የሚተረጎመው የትኛው መጠይቅ ነው የሚል ነው፤ መጠየቅ ያለበትም የመጀመሪያው ረቂቅ ከመጻፉ በፊት ነው።